ከዕቃ ቤት እስከ ቤተ መዘክር፦ የአንድ ቅርስ የይዞታ ታሪክ እንዴት ይጣራል?

በሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የሚገኙ በርካታ አድባራትና ገዳማት የብራና መጻሕፍትን፣ የመጾር መስቀሎችን፣ ሥዕለ አድኅኖዎችንና ሌሎች ንዋየ ቅድሳትን ለዘመናት ጠብቀው አቆይተዋል። እነዚህ ቅርሶች በአብዛኛው የሚገኙት በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው። በበዓል ቀን ይወጣሉ፤ ይነበባሉ፤ በእጅ ይያዛሉ፤ ተመልሰውም ይቆለፍባቸዋል።

ከእነዚህ አንዱ በባህር ማዶ ጨረታ ወይም በአንድ ሰብሳቢ እጅ ሲገኝ የሚነሳው ዋነኛ ጥያቄ የዕድሜው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቅርሱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እስከዛሬ በማን እጅ ነበር? ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈውስ በምን መንገድ ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ይከተላሉ። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የቅርሱ የይዞታ ታሪክ ይባላል።

የይዞታ ታሪክ ምን ይዟል?

የተሟላ የይዞታ ታሪክ እንደ ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ቀለበት ባለይዞታውን፣ የያዘበትን ጊዜና ያገኘበትን መንገድ ያሳያል። መንገዱ ስጦታ፣ ግዢ፣ ውርስ ወይም ዘረፋ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ቀለበትም ማስረጃ ይጠየቃል። ባለይዞታው ያልታወቀበት ወይም ማስረጃ የጠፋበት ዘመን ክፍተት ተብሎ ይጠራል።

ክፍተት ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ለሠላሳ ዓመት በማን እጅ እንደነበረ የማይታወቅ መስቀል ብዙ ነው፤ ይህም እምብዛም አያስደንቅም። በሸዋ ደጋማ ስፍራዎች ንዋየ ቅድሳት በጦርነት ጊዜ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ወይም ወደ ዋሻ ይሸሹ ስለነበር፣ አንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያ ቤቱ ርቆ መገኘቱ ብቻውን የስርቆት ምልክት አይሆንም። ክፍተቱ አሳሳቢ የሚሆነው ዘረፋ ወይም ሕገ ወጥ ዝውውር እንደተፈጸመ በሚታወቅበት ዘመን ላይ ሲያርፍ ነው።

ለኢትዮጵያ ቅርሶች እንዲህ ያሉት ዘመናት በሚገባ ይታወቃሉ። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን የዘረፈው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ከ1936 እስከ 1941 ዘልቋል። ጥንታዊ ቅርሶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 229 በ1958 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደግሞ ጥንታዊ ዕቃን ያለመንግሥት ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ሆኗል። ስለሆነም መርማሪው «ቅርሱ ከነዚህ ዓመታት በፊትና በኋላ የት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

ቅርሱ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት

ምርመራው የሚጀምረው ከቅርሱ ከራሱ ነው። የብራና መጽሐፍ በዚህ ረገድ ብዙ ይናገራል። ያስጻፈው ሰውና ጸሐፊው በጸሎቱ መካከል ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ በስማቸው ይጠቀሳሉ። በባዶ ቅጠሎችና በኅዳጉ ላይም ደብሩ መጽሐፉን መቼና ከማን እንደተቀበለ፣ የዕቃ ቤቱ ዝርዝር፣ የመሬት ስጦታና የውል ማስታወሻ ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ ሰው የተወገዘ ይሁን የሚለው ቃልም በብዙ መጻሕፍት አለ። በመስቀልና በሥዕል ላይም የሰጪው ስምና የተሰጠበት ታቦት ስም በግዕዝ ተቀርጾ ወይም ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

አጥፊዎችም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ መርማሪው ከተጻፈው ባልተናነሰ የጠፋውን ይመለከታል። የባለቤት ስም መፋቅ ግን ለብቻው የስርቆት ማረጋገጫ ተደርጎ አይወሰድም። መጽሐፍ በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ መተካቱ የቆየ ልማድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በተፋቀው ስፍራ ነው። በግለሰብ ስም ፋንታ የሌላ ግለሰብ ስም በአገሩ የእጅ ጽሕፈት ከተተካ መደበኛ ዝውውር ሊሆን ይችላል። የደብሩ ስም ብቻ በየቅጠሉ ተፍቆ ቦታው ባዶ ከተተወ፣ ወይም ማስታወሻ የነበረበት ቅጠል በቅርብ ጊዜ በስለት ተቆርጦ ከወጣ ግን የቅርሱን መነሻ ለመሰወር የተደረገ ነው የሚለው ግምት ይጠነክራል። የተፋቀ ቀለም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ በከፊል ይነበባል።

ሌላው ችግር ገበያውን ለማርካት የሚደረግ ጭማሪ ነው። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ሥዕል ከሌለው ይልቅ በውድ ስለሚሸጥ፣ ባረጀ መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎች ላይ አዲስ ሥዕል የሚሳልበት ጊዜ አለ። ይህን ለመለየት ቀለሙ ከብራናው እድፍ በላይ ነው ወይስ በታች ተብሎ ይታያል። አሮጌ የውሃ እድፍ ሥዕሉ ጋ ሲደርስ ድንገት የሚቋረጥ ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ የቆየውን እድፍ ሸፍኖ ከተገኘ፣ ሥዕሉ ከእድፉ በኋላ የመጣ መሆኑ ይታወቃል።

የማይክሮፊልሙ ምስክርነት

ከቅርሱ ውጭ ካሉት ማስረጃዎች ለሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ትልቁን ስፍራ የያዘው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ሥራ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የኢትዮጵያ መንግሥትና ሁለት የአሜሪካ ተቋማት፣ ማለትም የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ተሳትፈውበታል። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል። የፊልሞቹን ዝርዝር ካዘጋጁት ሊቃውንት መካከል በሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ይገኙበታል።

የዝርዝሩ መዝገብ መጽሐፉ በፊልም ሲነሣ የነበረበትን ደብር፣ አውራጃውን፣ የቅጠሉን ብዛት፣ መጠኑንና በውስጡ ያሉትን ማስታወሻዎች ይገልጻል። ይህን የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይኖርበታል። የቦታ ስሞቹ የዚያን ዘመን አስተዳደር የተከተሉ ናቸው። ዛሬ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኝ ደብር በመዝገቡ ላይ በሸዋ፣ በመንዝና ግሼ ወይም በመርሐ ቤቴ አውራጃ ሥር ተጽፎ ይገኛል። «ሰሜን ሸዋ» የሚለው ስም በአሁኑ ጊዜ በአማራም በኦሮሚያም ክልል ያለ ዞን መጠሪያ በመሆኑ አንዱን ከሌላው ማምታታት ቀላል ነው።

ይኸው ዕውቀት ሐሰተኛ ሰነድን ለመለየትም ይረዳል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገር ይባል ነበር፤ ክልልና ዞን የሚሉት መጠሪያዎች በዛሬው ትርጉማቸው የመጡት ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። ስለዚህ በ1950ዎቹ ተጻፈ የተባለ የሽያጭ ደረሰኝ ደብሩን «በሰሜን ሸዋ ዞን» ቢለው፣ ሰነዱ ከተባለበት ዘመን በኋላ የተዘጋጀ መሆኑ በዚያው ይጋለጣል።

የደብረ ሊባኖስ መጽሐፍ

ከመርሐ ቤቴ በጀማ ሸለቆ ማዶ የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገዳም የዚህን ምርመራ አካሄድ የሚያሳይ ታሪክ አለው። በዋሽንግተን የሚገኘው የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ ከነበሩት ከዶክተር አንድሬ ትዊድ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትና ሌሎች ቅርሶች ስብስብ በስጦታ ተቀበለ። ከስብስቡ 150ኛ ቁጥር የተሰጠው መጽሐፍ የቅዱስ ጳውሎስንና የቅዱስ ሰራባሞንን ገድል የያዘ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚገመት ጥንታዊ ብራና ነው።

በወቅቱ በተቋሙ እጅ የነበረው የመጨረሻው የሰንሰለቱ ቀለበት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። መጽሐፉ ከሰብሳቢው ወደ ትምህርት ቤቱ መተላለፉ ይታወቃል፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን ክፍት ነው። የደብረ ሊባኖስ ታሪክ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ክፍተት ብዙ መላ ምት ይፈቅዳል። ገዳሙ በ1530ዎቹ መጀመሪያ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥሏል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትዕዛዝ መነኮሳቱና ምእመናኑ ሲጨፈጨፉም ንብረቱ ተዘርፏል። አንድ ሰው መጽሐፉ ከነዚህ በአንዱ ጊዜ ወጥቶ ብዙ እጅ ተዘዋውሯል ቢል በቃል ብቻ ማስተባበል አስቸጋሪ በሆነ ነበር።

ጉዳዩን የቋጨው ማይክሮፊልሙ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደብረ ሊባኖስ ገዳም በፊልም ከተነሡት መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ግኝት ክብደት ከቀኑ ይመነጫል። መጽሐፉ በዚያን ጊዜ በገዳሙ ከነበረ፣ በ1929 ዓ.ም. አልወጣም ማለት ነው። የቅርስ አዋጁ በወጣበት በ1958 ዓ.ም. ገና በገዳሙ ነበር ማለትም ነው። ስለዚህ ከገዳሙ የወጣው በፊልም ከተነሣበት ቀን በኋላና ከ1993 በፊት፣ ይኸውም ያለፈቃድ ማውጣት ክልክል በሆነበት ዘመን ነው። ለዘመናት ክፍት የነበረው ጥያቄ በአንድ ፎቶግራፍ ምክንያት ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ጠበበ።

በፊልም ያለውና በእጅ ያለው አንድ መጽሐፍ መሆናቸው የሚረጋገጠው በርዕስ መመሳሰል አይደለም። አንድ ገድል በብዙ አድባራት ይገኛልና። መርማሪው በእያንዳንዱ ገጽ ያሉትን ዓምዶችና መስመሮች ይቆጥራል፤ መስመሩ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያበቃ ያመሳክራል። ከሁሉ በላይ የሚታመነው ግን የብራናው ጠባሳ ነው። ቆዳው ሲወጠር የተፈጠረ ቀዳዳ፣ በጅማት የተሰፋ ስንጥቅ፣ የሰም ጠብታና የውሃ እድፍ በሌላ መጽሐፍ ላይ በዚያው ቅጠልና በዚያው ስፍራ ሊደገሙ አይችሉም።

የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይህ ከታወቀ በኋላ መጽሐፉን ለመመለስ ወስኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ለደብረ ሊባኖስ ገዳም አስረክቧል።

አምስት ዓመት ብቻ የቀረበት ዘውድ

ተመሳሳይ ስሌት በትግራይ በሚገኘው የጨለቆት ሥላሴ ዘውድ ላይም ሠርቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ የሚነገረው ይህ ዘውድ እ.ኤ.አ. በ1998 በኔዘርላንድ በአንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቤት በተቀመጠ ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። ግለሰቡ የተሰረቀ መሆኑን ተረድቶ ወደ ሰብሳቢ እጅ እንዳይገባ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ጠበቀው። ዘውዱ በቤተ ክርስቲያኑ እንደነበረ የሚያሳይ የ1993 ፎቶግራፍ መኖሩ የጠፋበትን ጊዜ በ1993 እና በ1998 መካከል ባሉት አምስት ዓመታት ወሰነው። ባለሙያዎች ምንነቱን ካረጋገጡ በኋላ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል።

ክፍተት የሌለው ታሪክ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

የይዞታ ታሪክ መሙላትና የባለቤትነት መብት መኖር የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይሄዱ የነበረው «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለው የጌታ ሥዕል ጥሩ ማሳያ ነው። ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የወሰደው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ለሙዚየሙ ሳያስረክብ በግሉ ይዞት ቆየ። ከእርሱ ሞት በኋላ በ1917 በለንደን በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና ለጨረታ ቀረበ፤ በኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ።

ከመቅደላ ወዲህ ያለው ሰንሰለት በአመዛኙ ይታወቃል። ችግሩ ያለው በመጀመሪያው ቀለበት ነው። የቀረው ግዢ ሁሉ የቆመው ሥዕሉ ከዐፄ ቴዎድሮስ አምባ በተወሰደበት አኳኋን ላይ በመሆኑ፣ የሽያጩ ደረሰኝ መብዛት ያንን አይለውጠውም። በአንጻሩ የመቅደላ መጻሕፍት ታሪክ በመቅደላ እንደማይጀምርም ማወቅ ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙዎቹን ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው ከጎንደር አድባራት ስለነበር፣ በአንድ መጽሐፍ ላይ የቀደመ ደብር ስም ሊገኝ ይችላል።

ቤተ መዘክሮችና ገዢዎች ለምን ይጠነቀቃሉ?

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት የባህል ንብረትን ሕገ ወጥ ዝውውር ለመከላከል የተደረገ ነው። ስምምነቱ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ የማይሠራ ቢሆንም፣ ዓመቱ በብዙ ቤተ መዘክሮች ዘንድ እንደ መለያ መስመር ተወስዷል። የሰሜን አሜሪካ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ዳይሬክተሮች ማኅበር በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ ጥንታዊ ቅርስ ከ1970 በፊት ከተገኘበት አገር ለመውጣቱ ወይም ከዚያ በኋላ በሕጋዊ ፈቃድ ለመውጣቱ ማስረጃ ካልቀረበ አባላቱ በመርሕ ደረጃ እንዳይገዙ መክሯል። በኢትዮጵያ ቅርስ ረገድ የአገሪቱ አዋጅ አራት ዓመት የቀደመ መሆኑ ሊታወስ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ጥበቃውን አጠናክሮታል።

ለግል ገዢ ደግሞ ጉዳዩ የገንዘብ ኪሳራ ጭምር ነው። በቅን ልቦና ገዝቻለሁ የሚል ሰው ጥንቃቄ ማድረጉን ማስረዳት አለበት። የ1995ቱ የዩኒድሯ ስምምነት የተሰረቀ ዕቃ ይዞ የተገኘ ሰው እንዲመልስ ያዛል፤ ካሳ የሚያገኘውም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ካሳየ ነው። ጥንቃቄው ሲመዘን የሻጩ ማንነት፣ የተከፈለው ዋጋ፣ የተሰረቁ ዕቃዎች መዝገብ መታየት አለመታየቱ ይጠየቃል። ዋጋው ከገበያው በእጅጉ ካነሰ፣ ሻጩም «ከአንድ የአውሮፓ የግል ስብስብ» ከማለት በቀር ስምና ዓመት ካልሰጠ፣ ገዢው በኋላ አላወቅሁም ለማለት ይቸግረዋል። በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው «አፍሮ አይገባ» የተባለው መስቀል በሺህ የሚቆጠሩ ምእመናን የሚያውቁት ቅርስ ነበር። ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ከደረሰ በኋላ በ2001 ወደ ስፍራው ተመልሷል።

ለአድባራቱ የሚቀረው ሥራ

የማይክሮፊልሙ ሥራ ወሰን ነበረው። ያነሣው በዋናነት መጻሕፍትን ነው፤ ሁሉንም አብያተ ክርስቲያናትም አላዳረሰም። የመጾር መስቀል፣ ሥዕለ አድኅኖ፣ ከበሮና አልባሳት በአመዛኙ ከዚያ መዝገብ ውጭ ናቸው። ስለሆነም በመንዝ ወይም በግሼ አንድ መስቀል ቢጠፋ፣ ደብሩ የሚያቀርበው ማስረጃ ራሱ ያዘጋጀው መዝገብ ይሆናል ማለት ነው።

የንዋየ ቅድሳት መዝገብ «አንድ የነሐስ መስቀል» ብሎ ቢያልፍ ለክርክር አይበቃም። ይህ ቃል በሺህ ለሚቆጠሩ መስቀሎች ይሠራልና። የሚጠቅመው ቁመቱና ስፋቱ በሴንቲ ሜትር ሲለካ፣ የተጻፈበት ቃል ፊደል በፊደል ሲገለበጥ፣ ስብራቱና የተበየደበት ስፍራ ሲገለጽ፣ ከፊትና ከኋላ ከነመለኪያው ፎቶግራፍ ሲነሣ ነው። ፎቶግራፉ ቀን ሊኖረውና አንድ ቅጂው ከዕቃ ቤቱ ውጭ በሀገረ ስብከቱና በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊቀመጥ ይገባል። መዝገቡና ቅርሱ በአንድ ሳጥን ከተቀመጡ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ሊጠፉ ይችላሉ።

የደብረ ሊባኖስ መጽሐፍ ወደ ገዳሙ የተመለሰው ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ቅጠሎቹን በተራ ስላነሣቸውና የገዳሙን ስም ከፊልሙ ጋር ስለመዘገበው ነው።